«ተወስኗል» ማለት ብቻ አይበቃም

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ በትምህርት ቤት ወላጅ ኮሚቴ ውስጥ የሚያገለግሉ አራት አባሎቻችን ያቀረቡት ንግግር)



ዛሬ ሁለት ወረቀት ይዘን መጥተናል። ሁለቱም ልጆቻችን ከሚማሩበት የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጡ ቃለ ጉባኤዎች ናቸው። የሚናገሩትም ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ስለ ወላጆች መዋጮና ስለ ሴት ልጆች መጸዳጃ ቤት። የመጀመሪያው ግማሽ ገጽ አይሞላም፣ ሁለተኛው ሦስት ገጽ ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ዓመት ከአምስት ወር፣ ብዙ ንትርክ፣ 71,400 ብርም አለ።

እኛ አራት ነን። ሁለታችን ጉሊት እንቸረችራለን፣ አንዷ እንጀራ ጋግራ ታስረክባለች፣ አንዷ ልብስ ሰፊ ናት። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ወደ ወላጅ ኮሚቴ ተመረጥን። ወላጅ ኮሚቴ ስንል በወረቀት ላይ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት የሚባለውን ማለታችን ነው። ከአራታችን አንዷ ማንበብ የተማረችው እዚሁ ማኅበራችን በከፈተው የማታ ትምህርት ነው። የመጀመሪያውን ወረቀት ጮክ ብላ ያነበበችልንም እሷ ናት። ከመዝገቡ ያገኘነው እንዲህ ይላል፦

«አጀንዳ፦ መዋጮን በተመለከተ። ውሳኔ፦ ለመጸዳጃ ቤትና ለሌሎች የትምህርት ቤቱ ችግሮች ማቃለያ እያንዳንዱ ወላጅ 300 ብር እንዲያዋጣ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

ከዚህ በታች የ41 ሰው ፊርማ አለ። ሌላ ነገር የለውም።

መጀመሪያ ስንሰማው ምንም ጥፋት አልታየንም። ስብሰባ ተጠርቷል፣ ተወስኗል፣ ተፈርሟል። ነገር ግን ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ያደረገችውን ቆይተን አወቅን። ያደረገችውን አንድ በአንድ እንንገራችሁ።

አንደኛው፣ ልጆች ከምዝገባ ተመለሱ። ስብሰባው ሰኔ ላይ ነበር፣ ምዝገባው ነሐሴ መጨረሻ። መዝጋቢው ጠረጴዛው ላይ ያ ቃለ ጉባኤ ነበረው፤ «እያንዳንዱ ወላጅ» ይላል፣ «ተወስኗል» ይላል። እሱም ደረሰኝ ያላመጣን ሰው «ሂጂና ከፍለሽ ነይ» ይል ጀመር። ኩበት ሸጣ ሁለት ልጆች የምታሳድግ አንዲት ጎረቤታችን 600 ብር ተጠየቀች። ወረቀቱ «እያንዳንዱ ወላጅ» ቢልም መዝጋቢው በልጅ ቆጠረው። እሷም ትልቋን አስመዘገበች፤ ትንሹን «ለከርሞ ይደርሳል» ብላ ወደ ቤት መለሰችው። ያ ልጅ አንድ ዓመት ቤት ዋለ።

እዚህ ላይ ሁላችን ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። በአገራችን የትምህርት ፖሊሲ መሠረት በመንግሥት ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በነጻ ይሰጣል። ስለዚህ በመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ወላጅ የሚሰጠው ገንዘብ መዋጮ እንጂ ክፍያ አይደለም። መዋጮ በፈቃድ ነው፤ ክፍያ ግን ግዴታ ነው። ቃለ ጉባኤው ይህን አልጻፈውም። ስላልጻፈውም መዝጋቢው መዋጮውን ክፍያ አደረገው። መዝጋቢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ በእጁ የነበረውን ወረቀት ነው ያነበበው።

ሁለተኛው፣ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ገባ። ትምህርት ቤቱ 510 ቤተሰብ አለው። ከነዚህ 238 ቤተሰብ ከፈለ፤ በ300 ብር ሒሳብ 71,400 ብር ሆነ። በዚያው ጥቅምት የግቢው በር ወደቀ። ሌሊት ጅብ እየገባ ዘበኛውን አስቸገረ፣ ቀን ፍየል እየገባ ችግኙን በላ። ርዕሰ መምህሩም ከዚያ ገንዘብ 58,000 ብር አውጥተው የብረት በር አሠሩ። በሩ ቆሟል፣ ደረሰኙም አለ፤ የጠፋ ሳንቲም የለም። መጸዳጃ ቤቱ ግን ያው ነው። ስንጠይቃቸው ቃለ ጉባኤውን አውጥተው አሳዩን። «ለሌሎች የትምህርት ቤቱ ችግሮች ማቃለያ ይላል እኮ፣ በር ችግር አይደለም ወይ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። አድራሻ ያልተጻፈለት ገንዘብ ቀድሞ የጮኸው ችግር ይወስደዋል። በር ሲወድቅ ሁሉም ያየዋል። የወር አበባዋ ስለመጣ ቤት የቀረችን ልጅ ግን ማንም አያይም።

ሦስተኛው፣ «በሙሉ ድምፅ» የተባለው ነገር ነው። ፈርመዋል ከተባሉት 41 ሰዎች ያገኘናቸውን ጠየቅን። ብዙዎቹ «እኔ ስገባ ነው የፈረምኩት» አሉን። ወረቀቱ በር ላይ የተያዘ የመገኘት መፈረሚያ ነበር። በኋላ ከውሳኔው ሥር ተያያዘና የስምምነት ፊርማ ሆነ። አንዷ እናት እንዲያውም «እኔ ሻይ ሲቀርብ ወጥቻለሁ፤ ስለ ገንዘብ ሲወራ አልነበርኩም» አለች። እንግዲህ ስለ 510 ቤተሰብ የወሰኑት 41 ሰዎች እንኳ አልነበሩም ማለት ነው።

እህቶቻችን፣ እኛ ከዚህ የተማርነው መጣላትን አይደለም። በወረቀቱ ላይ ሳይጻፉ የቀሩት ነገሮች ሁሉ በኋላ በሰው ላይ እንደሚወድቁ ነው የተማርነው። ስለዚህ በኅዳር ሁለተኛ ስብሰባ እንዲጠራ ስንጠይቅ፣ ከስብሰባው በፊት ለአንድ ወር ሥራ ሠራን።

የመጀመሪያው ሥራ ሰው እንዲመጣ ማድረግ ነበር። የድሮው ስብሰባ ረቡዕ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነበር፤ በዚያ ሰዓት ጉሊት የምትቀመጥ ሴት ከየት ትምጣ? እሑድ ከሰዓት በኋላ እንዲሆን ጠየቅን። ጥሪው በልጆች ደብተር ላይ ተጽፎ ወደየቤቱ ሄደ፤ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ የእድር ጥሩምባ ነፊያችን ሰፈር ለሰፈር ዞሩልን። በመጀመሪያው እሑድ 173 ቤተሰብ መጣ። «ይበቃል፣ እንጀምር» ያሉ ነበሩ። እኛ ግን ገንዘብ የሚመለከት ነገር ከግማሽ በታች ሆነን አንወስንም ብለን ለሳምንት አዛወርነው። በሁለተኛው እሑድ 268 መጣ፤ ከ510 ግማሹን አለፈ። አንዳንዶቹ የመጡት «ያለ እኛ አይወስኑም» የሚለውን ስለሰሙ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ችግሩን መቁጠር ነበር። ትምህርት ቤቱ 415 ሴት ተማሪዎች አሉት። የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት አራት ክፍል ነው። ሁለቱ በር የላቸውም፤ የቀሩት ሁለቱ በር አላቸው፣ መቀርቀሪያ ግን የላቸውም። ሴት ልጅ ስትገባ ጓደኛዋ ውጭ ቆማ በሩን ትይዝላታለች። ሮቶው ግቢ ውስጥ ተቀምጧል፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጋር የሚያገናኘው ቧንቧ ግን የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለትምህርት ቤቶች ያወጣው መመሪያ ለ25 ሴት ተማሪዎች አንድ የመጸዳጃ ክፍል ይላል። 415ን ለ25 ስናካፍል 17 ክፍል ያስፈልጋል ማለት ነው። ያለው አራት ነው፣ አራቱም ጎደሎ ናቸው።

የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ኃላፊ የሆኑት መምህርት ደግሞ የስም መቆጣጠሪያቸውን ይዘው መጡ። በሁለቱ ክፍል 62 ሴት ልጆች አሉ። ከነሱ 19ኙ በአንድ ወር ውስጥ ተከታታይ ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ቀርተዋል። መምህርቷ እውነተኛ ሰው ናቸውና «ይህ ሁሉ በወር አበባ ምክንያት ነው አልልም፤ በገበያ ቀን እናቷን ለማገዝ የምትቀርም አለች። ግን ልጆቹን ለብቻ ጠይቄ አብዛኞቹ የምቀይርበት ቦታ የለም ብለውኛል» አሉ። ይህን በስብሰባው ላይ ሲናገሩ ከኋላ የተቀመጡት አባቶች አቀረቀሩ። ነገሩ በአደባባይ ሲነገር መጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ሦስተኛው ሥራ ዋጋ መጠየቅ ነበር። ገንዘብ ከመጠየቃችን በፊት ሥራው ስንት እንደሚፈጅ ማወቅ ፈለግን። ድሮ 300 ብር ከየት እንደመጣ ጠይቀን የነገረን ሰው የለም፤ «ያው ለከባዱም ለቀላሉም የሚሆን ነው» ብቻ ተባለ። እኛ ከሦስት ነጋዴ ፕሮፎርማ ሰበሰብን፣ አንድ ግንበኛም ቦታው ድረስ መጥቶ ለካልን። ሁለት በርና አራት መቀርቀሪያ 14,000 ብር፣ ከሮቶው የሚመጣ ቧንቧና የእጅ መታጠቢያ 22,000 ብር፣ ከነባሩ ግድግዳ ጋር ተያይዞ የሚሠራ አንድ መቀየሪያና መታጠቢያ ክፍል ከብሎኬቱና ከቆርቆሮው ጋር 96,000 ብር። ድምሩ 132,000 ነው። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ለመጠባበቂያ ከአሥር አንድ እጅ ጨመርንና 145,200 ብር ሆነ።

አስተውሉ፣ የጎደሉትን 13 ክፍሎች መሥራት እዚህ ውስጥ የለም። ያንን ብንጨምር ከአቅማችን ውጭ ይሆን ነበር፤ ብንጽፈውም የማይፈጸም ውሳኔ ይሆናል። ያሉት አራቱ ተዘግተው እንዲያገለግሉ ማድረግ ይቅደም አልን።

ወደ ስብሰባው እንመለስ። በጣም የከረረው ክርክር ስለ መጸዳጃ ቤቱ አልነበረም፤ እሱን የተቃወመ የለም። የከረረው ማን ይክፈል በሚለው ላይ ነው። አንዲት እናት ተነሥታ «እኔ ለሽንት ቤት ብዬ 300 ብር ከፍያለሁ። ደረሰኜ ይኸው። በር ሠራችሁበት። አሁን ሁለተኛ ለሽንት ቤት ክፈይ ልትሉኝ ነው?» አለች። ጭብጨባ ሆነ። አንድ አባት ደግሞ «እኔ ያን ጊዜ አልከፈልኩም፤ አሁንም የከፈለውና ያልከፈለው እኩል ከተባለ የከፈለው ሞኝ ነው» አሉ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው።

ርዕሰ መምህሩ ተነሡና ገንዘቡ በር ላይ መዋሉን፣ ስንት እንደሆነና ከበሩ የተረፈው 13,400 ብር በሒሳብ ውስጥ እንዳለ ተናገሩ። «ያኔ ልነግራችሁ ይገባ ነበር፤ አልነገርኳችሁም፤ ይቅርታ» አሉ። እኛ ይህን ንግግር በቃለ ጉባኤው ውስጥ እንዲገባ ጠየቅን፣ እሳቸውም ፈቀዱ። ከዚያ በኋላ የስብሰባው ድምፅ ረገበ።

ስምምነቱ እንዲህ ሆነ። በፊት የከፈለ ግማሹን፣ 150 ብር፤ ያልከፈለ 300 ብር። የሚፈለገውንም ገንዘብ ሁሉም ይከፍላል ብለን አላሰላነውም። መጀመሪያ ከሌላ የሚገኘውን ቀነስን፤ ከበሩ የተረፈው 13,400፣ ትምህርት ቤቱ በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ከመንግሥት ከሚያገኘው ድጎማ 40,000፣ ማኅበራችን ከማኅበራዊ ፈንዱ የፈቀደው 20,000። የቀረው 71,800 ብር ነው። ከሁለቱም ወገን 160 ቤተሰብ ብቻ ቢከፍል 72,000 ይሆናል፤ ይበቃል። በዚህ መንገድ ማሰባችን ትልቅ ነገር አመጣ። የማይችል ሰው ባይከፍል ሥራው እንደማይቆም ሁሉም አየ። ስለዚህ «እገሌ አልከፈለም» ብሎ ሰው ማሳደድ አላስፈለገም።

አሁን ሁለተኛውን ቃለ ጉባኤ፣ ከውሳኔው ክፍል የተወሰነውን እናንብብላችሁ፦

«ውሳኔ 1። ወላጆች በፈቃዳቸው በቤተሰብ 300 ብር፣ በፊት የከፈሉ 150 ብር ያዋጣሉ። ቁጥሩ በቤተሰብ ነው እንጂ በልጅ አይደለም። በአንድ ጊዜ ወይም በታኅሣሥ፣ በጥርና በየካቲት በሦስት ጊዜ መክፈል ይቻላል። ገንዘብ የሌለው በጉልበት ወይም በቁሳቁስ ሊረዳ ይችላል፤ ምንም ያልሰጠም አይጠየቅም። መዋጮ ባለመከፈሉ ምክንያት ማንኛውም ልጅ ከምዝገባ፣ ከፈተናም ሆነ ከውጤት ካርድ አይከለከልም፤ ስሙም በክፍልም ሆነ በሰልፍ ላይ አይጠራም።

ውሳኔ 2። የሚሰበሰበው ገንዘብ ለሴቶች መጸዳጃ ቤት በርና መቀርቀሪያ፣ ለውሃ ቧንቧና ለመቀየሪያ ክፍል ብቻ ይውላል። ለሌላ ሥራ ማዋል ቢያስፈልግ የወላጆች ስብሰባ እንደገና ተጠርቶ ካልፈቀደ አይቻልም።

ውሳኔ 3። ገንዘብ ያለ ደረሰኝ አይሰበሰብም። ገንዘቡ በትምህርት ቤቱ ባንክ ሒሳብ ይገባል፤ ሲወጣ ርዕሰ መምህሩና የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ በጋራ ይፈርማሉ። የተገዛ ዕቃ በሞዴል 19 ንብረት ክፍል ገቢ ይሆናል። የገቢና የወጪ ዝርዝር በየወሩ መጨረሻ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል።»

ከዚህ ቀጥሎ ድጋፍ 251፣ ተቃውሞ 11፣ ድምፀ ተአቅቦ 6 ይላል። የአሥራ አንዱ ሰው ምክንያትም ተጽፏል፤ «መንግሥት ሊሠራው የሚገባውን ወላጅ መሥራት የለበትም» የሚል ነው። እውነት አላቸው፤ ስለዚህም ኮሚቴው የጎደሉትን 13 ክፍሎች በተመለከተ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ እንዲጽፍ ተጨማሪ ውሳኔ ሆነ። «በሙሉ ድምፅ» ብሎ ቢጻፍ ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይወለድም ነበር።

አጻጻፉንም እንናገር፣ ምክንያቱም ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ነው። የመገኘት ፊርማው ለብቻ ወረቀት ላይ ሆነ፤ ከላዩ «ለመገኘት ብቻ» ተብሎ ተጻፈ። ቃለ ጉባኤው ስብሰባው ሳይበተን ጮክ ተብሎ ተነበበ። ሲነበብ ሁለት ስሕተት ተገኘ፤ አንዱ «በቤተሰብ» የሚለው ቃል መቅረቱ ነው። ያ ቃል ሳይታረም ቢያልፍ ኩበት ሻጯ ጎረቤታችን እንደገና 600 ብር ትጠየቅ ነበር። ከታረመ በኋላ ገጾቹ ቁጥር ተሰጣቸው፤ በመጨረሻው መሥመርና በፊርማው መካከል የቀረው ባዶ ቦታ በመሥመር ተሰረዘ፣ በኋላ ማንም እንዳይጨምርበት። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ላይ ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ከወላጆች ሁለት ሰው ፈረሙ። መፈረም የማይችሉት በአውራ ጣት አተሙ። ቅጂው አንዱ በትምህርት ቤቱ፣ አንዱ በኮሚቴው እጅ ቀረ።

አፈጻጸሙን በአጭሩ እንንገራችሁ። በፊት ከከፈሉት 149 ቤተሰብ፣ ካልከፈሉት 136 ቤተሰብ ከፈለ። 63,150 ብር ተሰበሰበ። ካሰብነው 8,650 ብር ጎደለ፤ ግን መጠባበቂያ ብለን የያዝነው 13,200 ስለነበር ጉድለቱ እዚያ ውስጥ አለቀ። መጠባበቂያ ባንይዝ ኖሮ ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ይዘን እንቀር ነበር። ሥራው የካቲት ተጀምሮ ሚያዝያ ላይ አለቀ። ሦስት አባቶች መዋጮ መክፈል አልቻሉም፤ የቧንቧውን ቦይ ግን ቆፈሩ። በየወሩ መጨረሻ ሒሳቡ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ መጀመሪያ የሚያነቡት ተማሪዎቹ ነበሩ፤ ማታ ቤት ገብተው ለእናቶቻቸው ይነግራሉ።

ሁሉ ነገር ሰመረ ብለን አንዋሽም። መቀርቀሪያዎቹን የገጠመው ሠራተኛ በአዋቂ ሰው ቁመት ገጠማቸው። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች አልደረሱበትም፤ እንደ ድሮው ጓደኛ በር ትይዝላቸው ነበር። ይህን ያወቅነው በሁለተኛው ሳምንት አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ለአያቷ ስትነግር ነው። ወርዶ እንዲገጠም አደረግን። ወደ ቃለ ጉባኤው ብንመለስ «መቀርቀሪያ» ይላል እንጂ የት ላይ እንደሚገጠም አይልም። ዕቃ ሲወሰን ማን እንደሚጠቀምበት ማሰብና መጻፍ እንዳለብን ያስተማረችን ያቺ ልጅ ናት።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይከብዳል። ክፍሉን ስንሠራ ክፍሉን ማን እንደሚያጸዳ፣ ሳሙናና ሞዴስ በምን እንደሚገዛ፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያው በየስንት ቀኑ እንደሚደፋ አልወሰንም። መጀመሪያ ወር መምህርቷ ከራሳቸው ኪስ ሳሙና ገዙ። ግን የመምህር ደመወዝ ለዚህ አይደለም። የምንሠራው ነገር ሁሉ ከተሠራ በኋላ በየወሩ የሚጠይቀው ገንዘብ አለ፤ ያ ገንዘብ በቃለ ጉባኤው ላይ ካልተጻፈ ክፍሉ በዓመቱ ተቆልፎ የዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። በሌላ ትምህርት ቤት እንዲህ ሆኖ ያየነው አለ። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳችን አንድ ብቻ ነው፤ የጽዳት ሠራተኛዋና የሳሙናው ወርኃዊ ወጪ ከድጎማው ውስጥ በቋሚነት እንዲያዝ። መጠየቅ የምንፈልገውን መጠን አስልተናል፣ ይዘን እንቀርባለን።

ከመነሣታችን በፊት ለእናንተ አንድ ነገር። ብዙዎቻችሁ በየልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ስብሰባ ትጠራላችሁ። ወረቀት ሲሰጣችሁ ከመፈረማችሁ በፊት «ይህ ለመገኘት ነው ወይስ ለመስማማት?» ብላችሁ ጠይቁ። ማንበብ የማትችሉም «አንብቡልኝ» በሉ፤ የሚያሳፍር አይደለም። ሲነበብላችሁ ስንት፣ በቤተሰብ ወይስ በልጅ፣ ለምን ሥራ ብቻ፣ እስከ መቼ፣ ማን እንደሚፈርም፣ የሌለው ሰው ልጅ ምን እንደሚሆን ስሙ። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ እጃችሁን አንሡ። ለአጋሮቻችን ደግሞ፣ ከእናንተ ድጋፍ ውስጥ 20,000 ብሩ የት እንደገባ ማየት የሚፈልግ ካለ፣ ቃለ ጉባኤውም ደረሰኙም የኮሚቴው ፋይል ውስጥ አለ፤ ክፍሉም ራሱ እዚያው ቆሟል።

ያ አንድ ዓመት ቤት የዋለው ልጅ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብቷል። እናቱ መዋጮውን በሦስት ጊዜ ከፈለች፤ ማንም ሳይጠይቃት። የመጨረሻውን ደረሰኝ ስትቀበል «ይኸኛው ለምን እንደሆነ አውቀዋለሁ» አለችን።